ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ሴት እናስብ። ናይት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችንን ስለምትመስል ስም አያስፈልጋትም። ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ልናገርና፣ ምሽት 5 ሰዓት ገብታ ጠዋት 1 ሰዓት ትወጣለች። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ዓይኗ አልገለጥ ሲላት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ቡና ትጠጣለች። ቤት ስትደርስ ደግሞ ከአገር ቤት ሊጠይቋት የመጡት እናቷ ረከቦቱን አቀራርበው ይጠብቋታል። «አንዲት ስኒ ብቻ፣ ልጄ፤ ደክሞሻል።» እንዲህ ተብሎ እምቢ ማለት አይቻልም።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጋረጃውን ዘግታ፣ የሥራ ጓደኛዋ የሰጠቻትን 10 ሚሊግራም ዞልፒዴም ውጣ ትተኛለች። እንቅልፉም ወዲያው ይወስዳታል። ቀን 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ዓይኗ ቦግ ይላል፤ ከዚያ በኋላ መገላበጥ ብቻ ነው። እሷ የምትደርስበት መደምደሚያ «መድኃኒቱ አልበቃኝም» የሚል ነው።

እስቲ ቡናውን እንቁጠረው። ትልቁ ብርጭቆ 200 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን አለው እንበል። ሰውነት ከዚህ ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከተኛች ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ 100 ሚሊግራም ገና ውስጧ ነው፤ ቀን 9 ሰዓት ላይም 50 ይቀራል። የእናቷን ስኒ አልደመርንም። ኢስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ካፌይኑ የሚወጣበት ጊዜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ ያኔ 9 ሰዓት ላይም 100ው እንዳለ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በተቃራኒው ካፌይንን ቶሎ ያስወግዳል። አንዱ ሦስት ስኒ ጠጥቶ ሲያንኮራፋ ሌላው በአንድ ስኒ ሲነቃ የሚያድረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ዞልፒዴም ግን አጭር ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ከደም ይወጣል። ሁለቱ የሚሠሩትም በተለያየ በር ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል፣ «ተኛ፣ ተኛ» የሚል ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ ካፌይን የሚያደርገው የዚህን መልእክት መቀበያ መዝጋት ነው። ክኒኑ በሌላ መንገድ አእምሮን ያደነዝዛል እንጂ ካፌይኑን ከዚያ አያስነሳውም። እናም ክኒኑ ሲዳከም ቡናው ገና ሥራ ላይ ነው። በዚያ ላይ የሰውነቷ ሰዓት «ቀን ነው» እያለ ይጎተጉታታል። 6 ሰዓት ተኩል ላይ የቀሰቀሷት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አደጋው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። 7 ሰዓት ላይ ሁለተኛ ክኒን ትውጣለች። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ልጇን ከትምህርት ቤት ማምጣት አለባት፤ ሰዓቱ ጮኾ ያነቃታል፣ ቡና ትጠጣለች፣ መኪና ታስነሳለች። ዞልፒዴም የወሰደ ሰው ከመነሣቱ በፊት 7 ወይም 8 ሰዓት እንዲተኛ ይመከራል፤ እሷ የተኛችው ሁለት ሰዓት ነው። ቡናው የነቃች ያስመስላት ይሆናል እንጂ መድኃኒቱን ከደሟ አያወጣውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ለሴቶች የሚመከረውን መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ያወረደውም፣ በማግስቱ ደማቸው ውስጥ የሚቀረው ለመኪና መንዳት አደገኛ ሆኖ ስላገኘው ነው። በ2019 ደግሞ ተኝተው ሳሉ የሚራመዱ፣ የሚያበስሉ፣ የሚነዱ ሰዎች በመገኘታቸው ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። ሳታስታውሰው የተበላ ምግብ ወይም የተላከ መልእክት ካገኘች ክኒኑን አቁማ ሐኪሟን ማነጋገር አለባት። የጓደኛ ክኒን መዋዋስም ከራስ ምታት መድኃኒት ጋር የሚቆጠር ነገር አይደለም።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ዳይፈንሃይድራሚን ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ድብርቱ እስከ ቀጣዩ ፈረቃ ሊከተል ይችላል። ዳያዚፓም ደግሞ ከነተረፈ ምርቱ ለቀናት ይቆያል፤ ለቀን እንቅልፍ በየዕለቱ ሲወሰድ እየተደራረበ ይሄዳል።

ክኒን ከመጨመር በፊት የሚሞከረው ቡናውን ማንቀሳቀስ ነው። ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ በ2013 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ጠዋት 3 ሰዓት ለምትተኛ ሴት የመጨረሻው ቡና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢሆን ይሻላል፤ እሱም በትንሽ በትንሹ፣ በፈረቃው መጀመሪያ። የ11 ሰዓቱን ድካም በእረፍት ሰዓት የ20 ደቂቃ ሸለብታ ያግዘዋል። ይህ ሁልጊዜ አይሳካም። ጠዋት መሪ ላይ የምታንቀላፋ ከሆነ፣ ሰው የሚያደርሳት ከሌለና ከመንዳቷ በፊት ማሸለብ ካልቻለች ቡናውን ትጠጣው፤ የዚያን ቀን እንቅልፍ ማጠሩን ግን አስቀድማ ትወቀው፣ በሁለተኛ ክኒን ልታካክሰው አትሞክር።

እናትየውስ? ረከቦቱን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያቅርቡት። ያኔ አቦሉም ቶናውም ይጠጣል፤ ለፈረቃው ገና 7 ሰዓት ይቀራል።