ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ

«ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የሚጀምር የድጋፍ ደብዳቤ ያላየ ቀጣሪ አይገኝም። ብዙዎቹ ከአንድ አፍ የወጡ ይመስላሉ፤ «ባልደረባችን ታታሪ፣ ታማኝና ተግባቢ በመሆኗ እንደግፋታለን»፣ ከሥር ፊርማና ክብ ማኅተም። ማኅተሙ ደብዳቤው ከየት እንደወጣ ይነግረናል፤ ሠራተኛዋ ምን እንደሠራች ግን አይናገርም።

ይህ ደብዳቤ ከሥራ ልምድ ማስረጃ ይለያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድደዋል (የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ)። የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ የቅርብ አለቃ አስተያየት ነው፤ ዋጋው አለቃው ባየው ነገር ልክ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ የምትሠራ ባለሙያ አለች እንበል። አለቃዋ ሦስቱን ቃላት ጽፎላታል። እያንዳንዱን ቃል «ይህን በምን አወቅህ?» ብለን እንጠይቀው። መጋዘን ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ቦታ ነው፤ ገቢና ወጪው ሁሉ በቢን ካርድ ይመዘገባል፣ የፍጆታ ሪፖርትና መጠየቂያም በየሁለት ወሩ ይላካል። መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው።

«ታታሪ» የሚለው እንዲህ ይለወጣል፦ «ከሐምሌ 2013 እስከ ሰኔ 2015 የቅርብ ኃላፊዋ ነበርኩ። በዚህ ጊዜ መላክ ከነበረባቸው 12 ሪፖርቶች 11ዱን በቀናቸው አድርሳለች።» ያን የዘገየውን አንዱን መደበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም የሚያሳምነው እሱ ነው። ሁሉም ነገር ያማረበትን ደብዳቤ አንባቢ ይጠረጥራል።

«ታማኝ» ይበልጥ ያስቸግራል፤ ልብን ማንም አያይምና። ቆጠራን ግን አለቃው አይቷል፦ «በሰኔ 2015 ቆጠራ ናሙና ከወሰድንባቸው 40 መድኃኒቶች በ38ቱ ካርዱና መደርደሪያው ተስማምተዋል። የሁለቱን ልዩነት ራሷ ከወጪ ደረሰኞች ጋር አመሳክራ ምክንያቱን አግኝታለች።» እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የመድኃኒት ብክነት ቀንሶ ከሆነ ለውጡ የመላው ፋርማሲ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ብቻ መስጠት ውሸት ነው። የእሷ ድርሻ የማለቂያ ጊዜያቸው የቀረቡ መድኃኒቶችን ዝርዝር በየወሩ ለሐኪሞቹ ማዞር ከነበረ፣ እሱ ብቻ ይጻፍ።

ይህ ዝርዝር «ተግባቢ» የሚለውንም ይተካዋል፤ ከሐኪሞች ጋር እንዴት እንደምትሠራ ያሳያልና። ይህ ባይኖር ኖሮ ቃሉን መሰረዝ ይሻል ነበር።

አንድ የተለመደ አሠራር ይህን ሁሉ ያበላሻል፦ አለቃው «አንቺው ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» ይላል። ረቂቁ ከእሷ ቢመጣም ቁጥሮቹን ከካርዱና ከሪፖርቱ ቅጂ ጋር ሳያስተያይ መፈረም የለበትም። ቀጣሪው ደውሎ «ልዩነት የታየባቸው ሁለቱ መድኃኒቶች የትኞቹ ነበሩ?» ቢል መልስ የሚጠበቀው ከእሱ ነው።