ግንባሩን እዩት

አዳማ ውስጥ የሾርት ኬዝ ፈተና ሲደርስ የሕክምና ተማሪ ሌሊቱን ምን እያነበበ እንደሚያድር አውቃለሁ፤ እኔም አድሬበታለሁ። ዛሬ ከአልጋው ወዲያ ማዶ፣ የነጥብ ወረቀት ይዘው ከሚቆሙት ወገን ነኝ። ከዚያ ማዶ የሚታየውን ለተማሪው ገልጦ የሚነግረው ሰው ግን ብዙም የለም። ፈታኞች ሻይ ላይ ተቀምጠን እርስ በርስ የምናወራውን፣ ስለ አሥራ ሁለቱ ክራኒያል ነርቮች ብቻ፣ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ማስታወሻው። ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ሲወርድ የኖረ አንድ የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር አለ፤ ስለ ኦሊምፐስ ተራራ፣ ስለ አንድ ፊንላንዳዊና ስለ አንድ ጀርመናዊ የሚያወራው። ከሞጆም ከመቂም ከሻሸመኔም የመጣ ልጅ ሁሉ ይሸመድደዋል። ችግሩ የሚሰጠው የስሞቹን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ነርቮች በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፤ ኦልፋክተሪ፣ ኦፕቲክና ኦኩሎሞተር። የትኛው ይቀድማል ሲባል ተማሪው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ነርቩ ምን እንደሚሠራም አረፍተ ነገሩ አይናገርም። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ሥራውን ነው።

ስለዚህ አብረውኝ ራውንድ ለሚዞሩ ልጆች በአማርኛ ይህን እሰጣቸዋለሁ፦

ሰኔ ሰኞ፣ እኔ እና፣ ሁለት እህቶቼ ሁሌ ስንዴ፣ ሁለት ሁለት እፍኝ እንቆላለን።

አሥራ ሁለት ቃል ነው፤ አንዱ ቃል አንድ ነርቭ። በ«ሰ» ቤት የሚጀምረው ስሜት ብቻ ያለው፣ በ«እ» የሚጀምረው እንቅስቃሴ፣ በ«ሁ» የሚጀምረው ሁለቱንም የያዘ ነው። ሰኔ ሽታ ነው፣ ሰኞ እይታ። «እኔ» ሦስተኛው ኦኩሎሞተር ነው፤ አብዛኛውን የዓይን እንቅስቃሴና የላይኛውን የዓይን ቆብ ማንሳት ይዟል። «እና» ትሮክሊያር፣ ወደ ውስጥ የዞረን ዓይን ወደ ታች የሚያወርደው፤ እሱ የታመመበት ሰው ደረጃ ሲወርድ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየዋል። «ሁለት» ትራይጀሚናል፣ የፊት ስሜትና ማኘክ። «እህቶቼ» አብዱሰንስ፣ ዓይንን ወደ ውጭ የሚወስደው። «ሁሌ» የፊት ነርቭ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። «ስንዴ» መስማትና ሚዛን። ከዚያ ሁለቱ «ሁለት»፦ ግሎሶፋሪንጂያል የጉሮሮን ጀርባ ይሰማል፤ ቬጋስ ድምፅን፣ ላንቃን፣ ወረድ ብሎም ልብንና አንጀትን ያዛል። «እፍኝ» አክሰሰሪ፣ አንገት ማዞርና ትከሻ ማንሳት። «እንቆላለን» ሃይፖግሎሳል፣ ምላስ።

ነጠላ ሰረዞቹን ልብ በሉ፤ ለጌጥ አልገቡም። ሁለት፣ ሁለት፣ አራት፣ አራት አድርገው ከፍለውታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነርቮች ከአንጎል ግንድ ውጭ ናቸው። ቀጣዮቹ ሁለቱ ከሚድብሬይን፣ አራቱ ከፖንስ፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ ከሜዱላ ናቸው። በርግጥ ነርቭ በሰረዝ አይታጠርም፤ የትራይጀሚናል የስሜት ኒውክለስ እስከ አንገት አከርካሪ ይወርዳል፣ አክሰሰሪም ዋናው መነሻው እዚያው አንገት ላይ ነው። አልጋ አጠገብ ቆሞ «ጉዳቱ ከየት ደረጃ ነው?» ለሚባል ተማሪ ግን ይህ አከፋፈል ይበቃዋል።

አሁን ወደ ፈተናው ክፍል። ተማሪ ሲገባ ገና እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን እናየዋለን። የበሽተኛውን ፊት አየ ወይስ ቀጥታ ወደ መዶሻና ባትሪው ሄደ? ብዙው ልጅ «ኦልፋክተሪ አልተመረመረም» ብሎ ያልፈዋል፤ ለነገሩ ትንሽ የተቆላ ቡና በወረቀት ይዞ መግባት ይበቃ ነበር። አንዱን አፍንጫ ዘግቶ በሌላው ማሽተት፣ ከዚያ መቀያየር ነው። አልኮል ያሸተተ ግን ስቷል፤ የሚቆጠቁጥ ነገር የሚሰማው በአምስተኛው ነርቭም ስለሆነ ሽታ የጠፋበት ሰው እንኳ «ሸተተኝ» ይላል።

ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚወድቀው ግን በሰባተኛው ነው፤ በ«ሁሌ»። አንድ ቀን የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ የባጃጅ ሹፌር ነው። ጠዋት አፉን ሲጉመጠመጥ ውኃው በቀኝ በኩል ፈሰሰበት። ሻዩም እንዲሁ። ቀኝ ዓይኑ አልዘጋ ብሎ ያለቅሳል። ሰፈርተኛው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሽቶለታል፤ እሱ ደግሞ «ንፋስ መታኝ» ይላል። አዳማ የንፋስ አገር ናት፣ ተርባይኖቹ ከከተማው ዳር ሲሽከረከሩ ይታያሉ፤ ቀኑን ሙሉ ጎኑ ክፍት በሆነ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ንፋስን ቢከስ አይፈረድበትም። የመጣው ፊቱ በተጣመመ በማግስቱ ነው።

ተማሪዋ ጎበዝ ልጅ ናት። አሥራ ሁለቱንም ስም ሳትደናቀፍ ጠራች። «ጥርስህን አሳየኝ» አለችው፤ አፉ ወደ ግራ ተጎተተ። ወደ እኔ ዞራ «ስትሮክ ነው» አለች። ምክንያቷ አፉ መጣመሙ ብቻ ነበር። እኔም በተማሪነቴ በዚያው መንገድ ሄጄ ወድቄአለሁና ዝም ብዬ ጠበቅኋት። ዝምታዬን ስታይ ተመልሳ፣ «ወንድሜ፣ ቅንድብህን ወደ ላይ አንሳ» አለችው። ግራ ግንባሩ እንደ ታረሰ ማሳ ተሸበሸበ። ቀኙ ለጥ ብሎ ቀረ፤ አንድ መስመር እንኳ አልወጣበትም።

ነገሩ ሁሉ እዚያ ግንባር ላይ ነው። ግንባርን የሚያንቀሳቅሰው የነርቩ ክፍል ትእዛዝ የሚቀበለው ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ነው። ስለዚህ ስትሮክ አንዱን ጎን ቢያጠፋ ሌላው ግንባሩን ያኖረዋል፤ የሚወድቀው አፍ ብቻ ይሆናል። ነርቩ ራሱ፣ ከፖንስ ከወጣ በኋላ፣ ጆሮ ጀርባ ባለው ጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ካበጠና ከተጨነቀ ግን ትእዛዙ ከየትም ይምጣ መተላለፊያ የለውም፤ ግንባርም ዓይንም አፍም አብረው ይወድቃሉ። ይህን የፊት መጣመም ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1821 ስለጻፈበት ቤልስ ፖልዚ እየተባለ ይጠራል።

«ግንባር ለጥ ካለ ቤልስ ነው» ብሎ መሮጥ ግን ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ፈታኙ ቀጥሎ የሚጠብቀው ይህን ነው። ተማሪዋ «ጣቴን ተከተል» ብላ ቀኝ ዓይኑን ወደ ውጭ አስኬደችው፤ ሄደለት። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ፖንስ ውስጥ የሰባተኛው ነርቭ ክር ከመውጣቱ በፊት የስድስተኛውን ኒውክለስ ይዞራል። ፊቱ ተጣሞ ዓይኑም ወደ ውጭ አልሄድ ያለ ሰው ጉዳቱ ፖንስ ላይ ሊሆን ይችላልና ቤልስ ብሎ ወደ ቤት መላክ አይገባም። በአረፍተ ነገራችን «እህቶቼ»ና «ሁሌ» ጎን ለጎን የቆሙት እንዲሁ አይደለም፤ አንዱ ሲታመም ሌላውን ጠይቁ።

ከዚያ ጆሮውን አየች። የጆሮ ቀዳዳ ውስጥና ዙሪያው ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ካሉ ሌላ በሽታ ነው፣ የአልማዝ ባለጭራ ዘመድ፤ ሕክምናውም ይለያል። የሱ ንጹሕ ነበር። ከጆሮ ሥር እብጠት ዳሰሰች፣ የለም። ምግብ እንደ ወትሮው ይጥምሃል ወይ አለችው፤ በቀኝ ምላሱ ፊት ጣዕም ቀንሷል። የሞተር ድምፅ በቀኝ ጆሮው ከሌላው ጊዜ በላይ ይጮህበታል። ሁለቱም የሰባተኛው ሥራ ነው፤ የምላስን የፊት ሁለት ሦስተኛ ጣዕም ይሸከማል፣ ከባድ ድምፅ የሚያረግበውን ትንሽ የጆሮ ጡንቻም ያዛል። የእጅና የእግሩ ጉልበት ደህና ነው። ዓይንህን ጨፍን ስትለው ቀኙ ሳይዘጋ ብሌኑ ወደ ላይ ሸሽቶ ነጩ ብቻ ታየ።

ፕሬድኒሶሎን ሊጠቅም የሚችለው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሲጀመር ነው፤ በማግስቱ መምጣቱ ጠቀመው። መድኃኒቱ ከመጻፉ በፊት ግን በእኛ አገር ስኳር፣ ኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ መጠየቅ የግድ ነው፤ ኤችአይቪ አንዳንዴ ራሱን የሚገልጠው በዚህ የፊት መጣመም ነው፣ ስኳርን ደግሞ ፕሬድኒሶሎን ያባብሰዋል። ተማሪ ሁሉ የሚረሳው ዓይኑን ነው። አፍ ተጣሞ ቢቆይ ሰው ያፍራል እንጂ አይጎዳም፤ የማይዘጋ ዓይን ግን ይደርቅና ይቆስላል። ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ሌሊት ቅባትና ዓይኑን በፕላስተር ጨፍኖ መተኛት፣ በአቧራ መንገድ ላይ መነጽር። ለአንድ የባጃጅ ሹፌር ይህ ከመድኃኒቱ አያንስም። መድኃኒት ባይወስዱም ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ፤ በሦስት ወር ውስጥ ምንም ለውጥ ያላሳየ ፊት ግን እንደገና መታየት አለበት፣ ምርመራው ተሳስቶ ሊሆን ይችላልና።

በሌላ ቀን ደግሞ የደም ግፊት ያለባቸው አንዲት እናት መጡ። የእሳቸውም አፍ ተጣሟል። «እማማ፣ ቅንድብዎን ያንሱ» ሲባሉ ግንባራቸው በሁለቱም በኩል እኩል ተሸበሸበ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ግራ እጃቸው ቀስ እያለ ወረደ። የእሳቸው ነው ስትሮክ። ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሁለቱ ፊት አንድ ይመስላል፤ አንዱን ወደ ፋርማሲ፣ ሌላዋን በጥድፊያ ወደ ድንገተኛ ክፍልና ወደ ሲቲ ስካን የለየው ግን ቅንድብ የማንሳት ጥያቄ ነው።

የነጥብ ወረቀቱን የማየው እኔ ነኝና እመኑኝ፤ አሥራ ሁለቱን ስም ለጠራ የሚሰጠው ነጥብ ትንሽ ነው። ዛሬ ማታ ሰኔ ሰኞን አንዴ በሉትና መጽሐፉን ዝጉ። ከዚያ አብሮ አዳሪያችሁን መብራት ሥር አስቀምጡትና ቅንድቡን እንዲያነሳ፣ ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ጥርሱን እንዲያሳይ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁት። ነገ አልጋው አጠገብ ስትደርሱም በግንባሩ ጀምሩ።