የደብረ ብርሃን ቡና በበርሊን ማዕድ ቤት

ለነርስነት ሥልጠና በርሊን የገባች አንዲት የደብረ ብርሃን ልጅ እናስብ። ባለታሪኳ የምናብ ሰው ናት፤ የሚገጥማት ግን በባዕድ አገር ቡና ያፈላ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ማዕድ ቤቱን የምትጋራው ከአንዲት በዕድሜ ከምትበልጣት ኤርትራዊትና ከአንዲት ሶርያዊት ጋር ነው። የመጀመሪያ ደመወዟን እንዳገኘች ከሱፐርማርኬት «ይርጋጨፌ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የተቆላ ቡና ገዛች። አፍልታ ስትቀምሰው ኮመጠጣት። የአገሯ ስም የተጻፈበት ቡና ባዳ ሆነባት።

ቡናው ምንም አልሆነም። በአውሮፓ ብዙ ቡና ቆዪዎች ይርጋጨፌን ለጋ አድርገው ያወጡታል፤ የሚፈልጉት የአበባና የሎሚ መዓዛው እንዳይጠፋ ነው። በእናቷ ቤት ግን ቡና የሚቆላው ጠቁሮ ወዙ ብቅ እስኪል ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዘመን ተከልክሎ ስለኖረ፣ በየቤታችን የሚጠጣው ባብዛኛው ለኤክስፖርት ያልበቃው ቡና ነው። ልጅቷ የአገር ቤት ጣዕም ብላ የምታውቀው ቡና፣ በዚያ የሚያምር ከረጢት ገብቶ ባሕር የሚሻገር አልነበረም።

ስለዚህ ከሐበሻ ሱቅ ጥሬ ቡና ገዝታ አጠበችና በብረት ምጣድ ላይ ማመስ ጀመረች። ፍሬው መጀመሪያ እርጥበቱን እየለቀቀ ቢጫ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ የሚሸተው ገና የእህል ጠረን ነው። ከዚያ ይቀላና መንጣጣት ይጀምራል፤ በውስጡ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን ሲሰነጥቀው ነው ድምፁ የሚሰማው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ለጋ ቡና እዚህ ደረጃ አካባቢ ላይ ይወርዳል። እሷ ግን ጢሱ እስኪወፍርና ፍሬው ማብረቅረቅ እስኪጀምር ማመሷን ቀጠለች፤ የኮሪደሩ የጢስ ማስጠንቀቂያም ጮኸ። ሶርያዊቷ በድንጋጤ ከክፍሏ ወጣች። ኤርትራዊቷ መስኮቱን ከፍታ የኮሪደሩን በር እየዘጋች፣ «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ብዙ አይቆላም፤ እፍኝ እፍኝ አድርጊው» አለቻት። እውነቷን ነው፤ ጥቂት ፍሬ ጢሱም ጥቂት ነው፣ እኩል ለመቁላትም ይመቻል።

ያን ቀን የተፈላው ቡና ሽታው የአገር ቤት ሆነ፤ ጣዕሙ ግን እንደ ኮሶ መረራት። እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ አንቺ እንደምታደርጊው ነው ያደረግሁት።»

«ሲገነፍል ወዲያው አወረድሽው ወይ ልጄ?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በርሊን ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ናት፤ እዚያ ውኃ እስኪፈላ 100 ዲግሪ ይደርሳል። ያው ጀበና፣ ያው ልክ ቡና፣ ያው ደቂቃ በርሊን ላይ ከቡናው ብዙ መራራ ነገር ያወጣል። ምድጃውም የራሱ ጣጣ አለው። የመስታወት ገጽ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ግሎ ስለሚቆይ፣ እላዩ ላይ የተተወ ጀበና መፍላቱን አያቆምም። ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ደግሞ ሸክላን ጨርሶ አያሞቅም።

ልጅቷ በማግስቱ ሦስት ነገር ለወጠች። ሸክላው ድንገት ግሎ እንዳይሰነጠቅ ከጀበናው ሥር ብረት ምጣዱን አስገባች፤ እሳቱንም መካከለኛ አደረገችው። አረፋው አንገቱ ላይ ብቅ ሲል ጀበናውን ከምድጃው ላይ አንስታ እንጨት ላይ አሳረፈችው። ከዚያ አተላው እስኪዘቅጥ ሳትነካካው ጠበቀች።

አቦሉ ሲቀዳ ወፍራም ነበር፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ሳይቆይ ይሄዳል። ኤርትራዊቷ ፉት አለችና ዝም ብላ ሲኒዋን እንደገና ዘረጋች። ሶርያዊቷ፣ ቡናን በሄል የምትጠጣዋ፣ ቅመሙን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠየቀቻት፤ ልጅቷም ለቶናው ጥቂት ጨመረችበት። ሄል የኮረሪማ ዘመድ ስለሆነ ያልለመደችው አልመሰላትም። በረካው እስኪደርስ ሦስቱም ከማዕድ ቤቱ አልወጡም።

እናንተም በጋራ ማዕድ ቤት የምትኖሩ ከሆነ፣ ከመቁላታችሁ በፊት ለአብረዋችሁ ነዋሪዎች ንገሩ፤ መስኮት ክፈቱ፣ የኮሪደሩን በር ዝጉ፤ የጢስ ማስጠንቀቂያውን ግን ነቅላችሁ አታውርዱ። ቡናው ከመረራችሁ ጥሬውን ከመለወጣችሁ በፊት ጀበናውን ፈጠን ብላችሁ አውርዱት።