ማዳመጫው ለምን ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ይዘላል?

ከስልክዎ ትረካ እያዳመጡ ላፕቶፕዎ ላይ ይሠራሉ። ትረካው ድንገት ይቋረጥና ከላፕቶፑ አንዲት አጭር የመልእክት ድምፅ ትሰማለች፤ ከዚያ ዝም። ስልክዎን ሲያነሱ ትረካው ቆሞ ያገኙታል። መልሰው ያስጀምሩታል፤ ጥቂት ቆይቶ ያው ይደገማል። ብዙ ሰው ይህ ሲያጋጥመው ማዳመጫው ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ማዳመጫው ግን አልተበላሸም። ከስልኩና ከላፕቶፑ የትኛውን እንደሚያሰማ መወሰን ያለበት እሱ ነው፤ ለመወሰን የሚያስፈልገው መረጃ ግን አይደርሰውም።

መልቲፖይንት የሚባለው አንድ የብሉቱዝ ማዳመጫ ከሁለት መሣሪያዎች ጋር በአንድ ጊዜ ተገናኝቶ የሚቆይበት አሠራር ነው። ብዙ መሣሪያዎችን ከማስታወስ ይለያል። ማንኛውም ማዳመጫ ማለት ይቻላል ከዚህ በፊት የተዋወቃቸውን በርካታ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ያስታውሳል፤ የሚገናኘው ግን ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። መልቲፖይንት ያለው ሁለቱን ግንኙነቶች ክፍት አድርጎ ይይዛል። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ውስጥ ጊዜን እያንዳንዳቸው 625 ማይክሮሰከንድ በሆኑ ቁራጮች ከፋፍሎ ስለሚሠራ፣ ማዳመጫው ጥቂቱን ቁራጭ ለስልኩ፣ ጥቂቱን ለላፕቶፑ ይሰጣል። ስልኩና ላፕቶፑ አንዱ የሌላውን መኖር አያውቁም። ሁለቱንም የሚያውቀው ማዳመጫው ብቻ ነው።

ሁለት ግንኙነት አለ ማለት ግን ሁለት ድምፅ ይሰማል ማለት አይደለም። የተለመዱት ማዳመጫዎች የሁለቱን መሣሪያዎች ሙዚቃ ቀላቅለው አያሰሙም፤ አንዱን መርጠው ሌላውን ያስቆማሉ። ምርጫው የሚካሄደው በማዳመጫው ውስጥ ባለው ሶፍትዌር ነው።

ያንን የተቋረጠ ትረካ ደረጃ በደረጃ እንከተለው። ቴሌግራም በስልክዎም በላፕቶፕዎም ላይ ተጭኗል እንበል። ስልኩ ትረካውን ወደ ማዳመጫው እየላከ ነው፤ ላፕቶፑ ተገናኝቶ ዝም ብሏል። መልእክት ይገባል። በላፕቶፑ ላይ ያለው ቴሌግራም ከአንድ ሰከንድ የማይበልጥ የማሳወቂያ ድምፅ ማሰማት ይፈልጋል። ላፕቶፑ ለማዳመጫው «ድምፅ ልልክ ነው፣ ጀምር» የሚል ትእዛዝ ይልካል። ማዳመጫው ትእዛዙን ተቀብሎ ወደ ላፕቶፑ ይዞራል፤ በዚያው ቅጽበት ለስልኩ «አቁም» የሚል ትእዛዝ ይሰዳል። ይህ ትእዛዝ እርስዎ ማዳመጫውን በጣትዎ ነክተው ሙዚቃ ሲያቆሙ ከሚሄደው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ስልኩ ያቆሙት እርስዎ እንደሆኑ ይቆጥራል።

የማሳወቂያው ድምፅ ያልቃል፤ የላፕቶፑ መስመር ግን ወዲያው አይዘጋም። ኮምፒዩተሮች ሌላ ድምፅ ይከተል ይሆናል በሚል መስመሩን ለጥቂት ሰከንዶች ክፍት አድርገው ባዶ ድምፅ ይልካሉ። መስመሩ ከተዘጋ በኋላም አንዳንድ ማዳመጫዎች ስልኩን «ቀጥል» ይሉታል፤ ብዙዎቹ ግን እርስዎ ራስዎ እስኪያስጀምሩት ይጠብቃሉ።

የችግሩ ሥር ያለው «ጀምር» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ ነው። በለመድነው የብሉቱዝ አሠራር ትእዛዙ ምክንያቱን አይናገርም። የአንድ ሰዓት ፊልምም ይሁን የአንድ ሰከንድ ማሳወቂያ፣ ወይም አንድ ድረ ገጽ የከፈተው ባዶ የድምፅ መስመር፣ ወደ ማዳመጫው የሚደርሰው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ማዳመጫው በሩ ሲንኳኳ የሚሰማ፣ እንግዳው ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ግን የማይነገረው ዘበኛ ነው። ስለዚህ አምራቾች በደንብ ይመራሉ። አንዳንዱ ማዳመጫ መጨረሻ የጀመረውን ያስቀድማል፤ እንዲህ ያለው ነው ብዙ የሚዘለው። ሌላው ቀድሞ የጀመረው እስኪያቆም ሁለተኛውን አያስገባም፤ በዚህኛው ደግሞ ሰዎች «ላፕቶፑ ድምፅ የለውም» ብለው ያማርራሉ።

በሁለቱም ዘንድ ስልክ ጥሪ ከሙዚቃ ይቀድማል። ለጥሪ ብሉቱዝ ከሙዚቃው የተለየ፣ ድምፅ በሁለት አቅጣጫ የሚያልፍበት መስመር አለው። ላፕቶፑ ላይ አንድ ፕሮግራም በማዳመጫው ማይክሮፎን መጠቀም ሲጀምር ይህ መስመር ይከፈታል፤ ማዳመጫውም ጥሪ እንደመጣ ይቆጥረዋል። የድምፁ ጥራት የሚወርደውም ያኔ ነው። ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲላክ፣ በተለመደው የጥሪ መስመር የሚያልፈው 8,000 ወይም 16,000 ብቻ ነው። የኢንተርኔት ስብሰባ ካለቀ በኋላ የስብሰባውን ገጽ ሳይዘጉ ከተዉት ማይክሮፎኑ እንደተያዘ ሊቆይ ይችላል፤ የስልኩ ሙዚቃም «እየተጫወተ» እያለ ምንም ላይሰማ ይችላል።

የገጠመዎት የትኛው እንደሆነ በምልክቱ ይለያል። ስልኩ ላይ ትረካው ቆሞ ካገኙት፣ ማዳመጫው ወደ ሌላው መሣሪያ ዞሯል ማለት ነው። ድምፁ እንደ ስልክ ጥሪ ከቀጠነ፣ አንድ ፕሮግራም ማይክሮፎኑን ይዟል። ድምፁ ሳይቆም እየተቆራረጠ የሚመጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ መዝለል አይደለም፤ ርቀት ወይም የሬዲዮ መጨናነቅ ነው።

መፍትሔው የሚጀምረው ከላፕቶፑ ነው፤ ያለ ምክንያት በር የሚያንኳኳው እሱ ነውና። በመጀመሪያ በላፕቶፑ ላይ ያሉ የመልእክት ፕሮግራሞችን ድምፅ ያጥፉ፤ መልእክቱ ስልክዎ ላይም ስለሚደርስ የሚያመልጥዎ ነገር የለም። ዊንዶውስ 11 ላይ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ Volume mixer የሚለውን ከፍተው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚወጣበትን መሣሪያ መምረጥ ይችላሉ። ቴሌግራምን በላፕቶፑ ስፒከር እንዲወጣ ካደረጉ፣ ማሳወቂያው ማዳመጫውን ጨርሶ አይነካውም። በማክ ኮምፒዩተርም የማስጠንቀቂያ ድምፆችን ብቻ ለይቶ በኮምፒዩተሩ ስፒከር እንዲወጡ ማድረግ ይቻላል። ለስብሰባም የላፕቶፑን የራሱን ማይክሮፎን ከመረጡ፣ ድምፁ ሳይቀጥን በማዳመጫው ማድመጥ ይችላሉ።

የአፕል ኤርፖድ ተጠቃሚዎች አንድ ልዩነት ይወቁ። ከ2020 ጀምሮ በአፕል መሣሪያዎች መካከል የሚታየው መዝለል ከመልቲፖይንት የተለየ ነው፤ በአንድ የአፕል አካውንት የተከፈቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ተነጋግረው የሚያደርጉት ነው። የሚጠፋውም በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ በኤርፖዱ ሴቲንግ ውስጥ ነው።

መሠረታዊው ጉድለት የሚታረመው በአዲሱ የብሉቱዝ የድምፅ አሠራር፣ በኤልኢ ኦዲዮ ነው። ዝርዝሩ በ2022 ተጠናቅቋል። በዚህ አሠራር መሣሪያው ድምፅ ሲጀምር ዓይነቱን አብሮ ይናገራል፦ ሙዚቃ ነው፣ ንግግር ነው፣ የስልክ ጥሪ ደወል ነው፣ ማሳወቂያ ነው። ማዳመጫውም ማሳወቂያን አልቀበልም፣ የጥሪ ደወልን ግን እቀበላለሁ ማለት ይችላል። ይህ እንዲሠራ ግን ስልኩም ላፕቶፑም ማዳመጫውም አሠራሩን መደገፍ አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ግንኙነቱ ወደ ድሮው ይመለሳል።

ስለዚህ አዲስ ማዳመጫ ሲገዙ «መልቲፖይንት አለው?» ብቻ ብለው አይለፉ። ሁለተኛው መሣሪያ ድምፅ ሲጀምር የመጀመሪያውን ያቋርጠው እንደሆነ፣ ሲያልቅስ ትረካው በራሱ ይቀጥል እንደሆነ ሻጩ ፊት ሞክረው ይዩ። ላፕቶፕዎ ላይ በማዳመጫው ጥሪ የማያነጋግሩና የማያዳምጡ ከሆነ ደግሞ መልቲፖይንቱን ያጥፉት፤ መዝለሉም ያኔ ያበቃል።