አለቃው በማይታይበት ሥራ፤ የአፕ ሾፌሮችን በተርም ፔፐር እንዴት እንመርምር?

በስልክ አፕ አማካይነት ስለሚሠራ ሥራ ተርም ፔፐር ስንጽፍ ብዙዎቻችን «ሠራተኛውን የሚቈጣጠረው አልጎሪዝም ነው» ብለን እንደመድማለን። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ምንም አያስረዳም። አልጎሪዝም ኩባንያው አስቀድሞ ያወጣው ደንብ ነውና፥ ደንቡ ምን እንደሚያዝና የማይታዘዘው ምን እንደሚደርስበት ካልተጻፈ ጽሑፉ ባዶ ነው። ይህን ለመመርመር የሚረዳን የሥራ ሂደት ንድፈ ሐሳብ ነው።

የንድፈ ሐሳቡ መነሻ ከማርክስ የተወሰደ አንድ ልዩነት ነው። አሠሪ የሚገዛው የሠራተኛውን የመሥራት ኀይል ነው እንጂ ያለቀለትን ሥራ አይደለም። የስምንት ሰዓት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በስምንቱ ሰዓት ምን ያህል እንደሚሠራ በውሉ ላይ አልተወሰነም፤ ቁጥጥር የሚመጣውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሪቻርድ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ቁጥጥርን በሦስት ከፍሎ አሳይቷል፤ እነዚህም ሥራን ማዘዝ፥ የተሠራውን መመዘን፥ በመጨረሻም መቅጣትና መሸለም ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የአፕ ሾፌር የሚከፈለው በጕዞ ነው እንጂ በሰዓት አይደለም፤ ታዲያ ክፍተቱ ከየት ይመጣል? መልሱ በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ይገኛል። ተሳፋሪው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መኪና እንዲያገኝ ብዙ ሾፌሮች ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው፤ ኩባንያው ግን ለዚህ ጥበቃ አይከፍልም። እንግዲህ ሊቈጣጠር የሚፈልገው የመሪውን አያያዝ ሳይሆን፥ ሾፌሩ ተገኝቶ የመጣለትን ጥሪ መቀበሉን ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በለንደን የኡበር ሾፌሮች ያቀረቡት ክስ ነው። ክሱ እ.ኤ.አ. በ2016 በሥራ ጕዳይ ችሎት ታይቶ፥ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካቲት 19 ቀን 2021 የመጨረሻውን ፍርድ ሰጠበት። በችሎቱ የተገለጸውን አሠራር በኤድዋርድስ ሦስት ክፍሎች እንደልድለው። ትእዛዝን በተመለከተ፥ ዋጋውን የሚወስነው ኩባንያው ሲሆን፥ ሾፌሩ ተሳፋሪውን እስኪያነሣ ድረስ መድረሻውን አያውቅም ነበር። ምዘናውን የሚሰጠው ተሳፋሪው ነበር፤ ውጤቱን የሚሰበስበውና የሚጠቀምበት ግን ኩባንያው ነው። ቅጣቱም እንዲህ ነበር፤ ጥሪ ደጋግሞ ያልተቀበለ ሾፌር ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፥ ካላረመም ለ10 ደቂቃ ከአፑ ይዘጋል። የምዘናው አማካይ ዝቅ ያለበት ደግሞ በመጨረሻ እስከ መሰናበት ይደርስ ነበር።

ከዚህ አንድ መለኪያ እናገኛለን፤ ሾፌሩ «አልፈልግም» ቢል ምን ይደርስበታል? ምንም የማይደርስበት ከሆነ አፑ ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ደላላ ነው። እምቢታው ተመዝግቦ ቅጣት ካስከተለ ግን ቁጥጥር አለ ማለት ነው፤ ውሉ «ራሱን የቻለ ነጋዴ» ቢለውም እንኳ።

የገንዘቡንም ነገር በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ሾፌር አፑን ለ10 ሰዓት ከፍቶ 6ቱን ሰዓት ተሳፋሪ ይዞ ቢነዳ፥ ከኮሚሽን በኋላም 90 ፓውንድ ቢቀረው፥ በጕዞ ሰዓት 15 ፓውንድ አገኘ ይባላል። በ10 ሰዓት ሲካፈል ግን 9 ፓውንድ ነው፤ 20 ፓውንድ ለነዳጅ ሲወጣ ወደ 7 ይወርዳል። ክርክሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ሾፌሩ በተፈቀደለት ክልል አፑን ከፍቶ ጥሪ ለመቀበል ከተዘጋጀበት ጊዜ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው ሲል፥ ኩባንያው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ዝቅተኛውን ደመወዝ ለማክበር የተስማማው ጥሪው ከተቀበለበት ጊዜ አንሥቶ ብቻ ነበር።

ሆኖም ቅጣትን ብቻ መቍጠር አይበቃም። ማይክል ቡራዎይ በቺካጎ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ራሱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው፥ ሠራተኞች ኮታን ማለፍ እንደ ጨዋታ ስለሚይዙት በፈቃዳቸው ይተጋሉ። የአፕ ሾፌርም ሰዓቱን ራሱ መምረጡ እውነተኛ ነፃነት ነው፤ ብዙዎችንም በሥራው ላይ የሚያቆያቸው ይኸው ነው። ነገር ግን የቡራዎይ ሠራተኞች ኮታውን ባይሞሉም የተረጋገጠ መነሻ ክፍያ ነበራቸው፤ ጥሪ ያላገኘ የአፕ ሾፌር ግን ባዶ እጁን ይገባል። ስለዚህ የቡራዎይን ሐሳብ እንዳለ ገልብጠን ልንጠቀምበት አንችልም።

የፍርድ ቤት መዝገብም ወሰን አለው። ዳኞች የሚጠይቁት ሰውየው በሕግ ሠራተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው፤ ሾፌሮቹ ሁለት አፕ እየከፈቱ ወይም ተነጋግረው አብረው እየዘጉ ደንቡን እንዴት እንደሚያልፉት ከመዝገቡ ብዙም አይገኝም። ይህን የሚያውቁት ሾፌሮቹ ናቸው። ስለ አዲስ አበባ የሚጽፍም የለንደኑን መልስ ሳይሆን ጥያቄውን ይውሰድ፤ ለሾፌሩም «አለቃህ ማን ነው?» ከማለት ይልቅ «ትናንት ጥሪ ሳትቀበል ስትቀር ምን ሆነ?» ቢለው የተሻለ ማስረጃ ያገኛል።