ገንዘብህን ለማውጣት ገንዘብ ክፈል

እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2023 ካንሳስ ውስጥ ኤልክሃርት በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ሃርትላንድ ትራይ-ስቴት ባንክ ተዘጋ። ባንኩን ያራቆተው የራሱ ሥራ አስኪያጅ ሻን ሄንስ ነበር። ሄንስ በዋትሳፕ የተዋወቃቸው ሰዎች ወዳሳዩት የክሪፕቶ ኢንቨስትመንት የገባው በራሱ ገንዘብ ነው። ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያኑ 40 ሺህ፣ አባል ከሆነበት የኢንቨስትመንት ማኅበር 10 ሺህ፣ ለልጁ ኮሌጅ ከተቀመጠው 60 ሺህ ዶላር አነሳ። በመጨረሻም ከባንኩ 47.1 ሚሊዮን ዶላር ላከ። ያም አልበቃ ብሎ አንድ የቆየ ደንበኛውን 12 ሚሊዮን ዶላር አበድረኝ አለው። ምክንያቱ ደግሞ «ገንዘቤ ሆንግ ኮንግ ተይዟል፣ ይህን ከከፈልኩ ይለቀቅልኛል» የሚል ነበር። በ2024 ፍርድ ቤቱ የ24 ዓመት ከ5 ወር እስር ፈረደበት።

ሰውየው ዕድሜውን ባንክ ውስጥ የኖረ ነው። ስለዚህ የሚታለሉት ያልተማሩ ብቻ ናቸው ማለት አያስኬድም። ሄንስን እስከ መጨረሻው የጎተተው የመጀመሪያው ጉጉት ብቻም አይመስለኝም፤ ስክሪን ላይ የሚያየውን ገንዘብ ለማስለቀቅ አንድ ክፍያ ብቻ የቀረው መስሎት ነው።

አሠራሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሰው በቴሌግራም የተላከለትን አፕ ጭኖ 500 ዶላር አስገባ እንበል። በሁለት ሳምንት 740 ሆነ። ለሙከራ 100 ዶላር ሲያወጣ በእርግጥም እጁ ገባ። ይህቺ 100 ዶላር ማጥመጃዋ ናት፤ የተከፈለችውም ከራሱ ከ500ው ነው። ተማምኖ 4 ሺህ ጨመረ። ስክሪኑ 21 ሺህ ሲል ሁሉንም ላውጣ አለ። ያኔ «ደንበኛ አገልግሎት» መልእክት ይልክለታል፦ በቅድሚያ 15 በመቶ ግብር፣ ማለትም 3,150 ዶላር፣ ይክፈሉ። «ካለኝ ላይ ቀንሱ» ሲል «ሂሳብዎ በሕግ ስለተቆለፈ ከውጭ መምጣት አለበት» ይሉታል። ከፈለ። ቀጥሎ የሕገወጥ ገንዘብ ማጣሪያ ማስያዣ ተብሎ 10 በመቶ፣ 2,100 ዶላር፣ ተጠየቀ። እሱንም ሲከፍል የዋሌት አድራሻው ላይ ስህተት አለ ተባለ፤ ከዚያ የመዘግየት ቅጣት መጣ፤ ከዚያ የቪአይፒ ደረጃ ማሳደጊያ።

ሒሳቡን ልብ በሉ። ሰውየው ለኢንቨስትመንት ከኪሱ ያወጣው 4,400 ዶላር ነው፤ ሁለቱ ክፍያዎች ብቻ 5,250 ደረሱ። ክፍያው የሚሰላው ባልነበረው 21 ሺህ ላይ ስለሆነ ትርፉ በስክሪን ላይ ባበጠ ቁጥር የሚጠየቀውም ያብጣል። ካለው ላይ የማይቀንሱለትም የሚቀነስ ገንዘብ ስለሌለ ነው። የላከው ክሪፕቶ ወደ ሌቦቹ ዋሌት የገባው በላከበት ዕለት ነው፤ አፑ ላይ የሚያየው እነሱ የሚጽፉት ቁጥር ነው።

እውነተኛ የክሪፕቶ መገበያያ ክፍያውን ከሂሳብህ ላይ ቆርጦ ቀሪውን ይልካል። ግብር የሚከፈለው ለመንግሥት እንጂ በቴሌግራም ለሚያናግርህ «ወኪል» ዋሌት አይደለም። ጥቂት ማውጣት መቻልም ማረጋገጫ አይሆንም። መፈተን ከፈለግህ ገንዘቡ ገና ትንሽ ሳለ ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻው ሳንቲም፣ አውጣ። ሰበብ ከጀመሩ መልሱን አገኘህ። የላክኸው ገንዘብ የት እንደሄደ etherscan.io ወይም tronscan.org ላይ አድራሻውን አስገብቶ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን እውነተኞቹም መገበያያዎች የተቀበሉትን ወደ ዋናው ዋሌታቸው ስለሚያዛውሩ፣ ገንዘቡ ካስገባህበት አድራሻ መነሳቱ ብቻውን ማጭበርበር ነው አያሰኝም።

«አንድ ላክ፣ ሁለት እመልሳለሁ» የሚለው የስጦታ ማታለያ የዚሁ አጭሩ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2020 የኦባማ፣ የባይደን፣ የኢሎን መስክና የቢል ጌትስ የትዊተር ገጾች ተጠልፈው ይህንኑ ጻፉ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ቢትኮይን ተላከ። የአደራጁ ዕድሜ ያኔ 17 ዓመት ነበር። ዛሬም ማንም ገጽ ሳይሰብር፣ የመስክን አሮጌ ቪዲዮ በዩቲዩብ «ቀጥታ ሥርጭት» ብሎ የሚለቅ ሞልቷል።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ክሪፕቶ የጸደቀ የመገበያያ መንገድ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ስለዚህ የተጭበረበረ ሰው ራሴን አጋልጣለሁ ብሎ ወደ ፖሊስ ለመሄድ ቢያመነታ አይገርምም፤ ዝምታው ግን የሚጠቅመው ሌቦቹን ነው።

የዘገየ ሁሉ ጠፍቷል ማለትም አይደለም። ከሄንስ ገንዘብ ኤፍ ቢ አይ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል በኋላ አስመልሷል። እንደ ዩኤስዲቲ ያሉትን ሳንቲሞች አውጪው ድርጅት በሕግ አካል ጥያቄ ሊያግዳቸው ይችላል፤ ለዚህ ግን ፍጥነት ይጠይቃል። የላክህበትን አድራሻ፣ የዝውውሩን ረጅም ቁጥርና መልእክቶቹን ሳታጠፋ ያዝ። አሜሪካ ያለ ሰው ic3.gov ላይ ያመለክታል። በዚህ መሃል «የተዘረፈ ክሪፕቶ እናስመልሳለን» የሚል ሰው በኢንቦክስ ቢመጣ ስምህን ያገኘው ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ከሌቦቹ ነው፤ ሥራውን ለመጀመርም ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቅሃል።