በስልክ የተነሡ ደረሰኞችና የወሩ ሂሳብ

በጦር ኃይሎች፣ ከባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ አጠገብ አነስተኛ ሻይ ቤት አለዎት እንበል። የገዙበትን ደረሰኝ ሁሉ በስልክዎ ፎቶ ያነሣሉ። ደግ አድርገዋል፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያትመው ወረቀት ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ጽሑፉ ይደበዝዛልና። ዋናውን ወረቀትም በፖስታ አድርገው ያስቀምጡ።

ወሩ ሲያልቅ ፎቶዎቹን በየወጪ ርዕሳቸው መለየት ይኖርብዎታል። በቅድሚያ ቀኑን ይመልከቱ። ደረሰኙ ብዙውን ጊዜ የሚታተመው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 05/12/2024 የሚለውን ያየ ሰው «ዲሴምበር ታኅሣሥ ነው» ብሎ ወደ ታኅሣሥ ሊወስደው ይችላል፤ ዕለቱ ግን ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ወጪው የኅዳር ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ጉዳይ ነው። ርዕሱን የሚወስነው የገዙበት ሱቅ ሳይሆን ዕቃው የዋለበት ሥራ ነው። አንዱን ደረሰኝ እንውሰድ። ለሻይ ቤቱ ብስኩት 1,200 ብር፣ ለዕቃ ማጠቢያ ሳሙና 200 ብር፣ ለቤት ልጆች ሻምፖ 600 ብር፤ ከሥር 15 በመቶ ታክስ 300 ብር ተጨምሮ ጠቅላላው 2,300 ብር ሆኗል። ሻይ ቤትዎ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ከሆነ፣ የከፈሉት ታክስ የዕቃው ዋጋ አካል ስለሆነ ለየዕቃው ድርሻውን ይጨምሩለታል። ስለዚህ 1,380 ብር ለሽያጭ ዕቃ መግዣ፣ 230 ብር ለጽዳት ይመዘገባል። የሻምፖው 690 ብር ግን የሻይ ቤቱ ወጪ አይደለም፤ «ባለቤቷ ለግል የወሰደችው» በሚል ለብቻው ይጻፋል። ከሦስቱ ድምር 2,300 ካልመጣ፣ ታክሱን ዘንግተዋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይኸው ነው፤ የዕቃዎቹ ዋጋ የተጻፈው ከታክስ በፊት ነውና።

በዚያው ወር 12,000 ብር የጋዝ ምድጃ ገዝተው ከሆነ፣ ሙሉውን በኅዳር ወጪ ላይ ቢጭኑት ሻይ ቤቱ የከሰረ ይመስላል። ምድጃው በቋሚ ዕቃ ርዕስ ይግባ። አምስት ዓመት ያገለግላል ብለው ቢገምቱ፣ በየወሩ ወጪ የሚሆነው 200 ብር ብቻ ነው። ጋዙን ለማስሞላት የሚከፍሉት ግን ሙሉ በሙሉ የዚያው ወር የማገዶ ወጪ ነው።

በመጨረሻም በቴሌብር ከፍለው እንደሆነ ስልክዎ ውስጥ ሁለት ምስል ይገኛል፤ አንደኛው ደረሰኙ፣ ሁለተኛው የክፍያው ማረጋገጫ። ሁለቱም ቢመዘገቡ አንዱ ግዢ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ገንዘቡና ቀኑ አንድ የሆኑትን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ያስተያዩ፤ በመዝገቡ የሚገባው የደረሰኝ ቁጥር ያለው ነው፤ የክፍያውን ማረጋገጫ ከጎኑ አያይዘው ይተዉት።